ፕሬዠር ኩከር ዝም ሲል

ብዙ ሰው ፕሬዠር ኩከርን የሚፈራው ሲጮኽ ነው። ክዳኑ አናት ላይ ያለችው ክብደት እየተንቀጠቀጠች እንፋሎቱን ስትለቀው ልጆች ከወጥ ቤት ይሸሻሉ፣ እንግዳም ዞር ብሎ ያያል። የሚጮኸው ድስት ግን ደህና ነው። የተረፈውን እንፋሎት እያስወጣ በውስጡ ያለውን ግፊት ልኩ ላይ ይዞታል። ልብ ሊባል የሚገባው እሳቱ እየነደደ ዝም ያለው ድስት ነው። እንፋሎቱ ወይ መውጫው ተደፍኖበት እየታፈነ ነው፣ ወይ በማይገባው በኩል እያመለጠ ውስጡ እየደረቀ ነው። ሌላም ዝምታ አለ፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ድስቱ ጸጥ ሲል "በቃ፣ በርዷል" ብለን እጀታውን የምንይዝበት። እነዚህን ዝምታዎች ለይቶ የሚያውቅ ሰው ፕሬዠር ኩከርን ያለ ስጋት ሊጠቀምበት ይችላል። የምናወራውም ምድጃ ላይ ስለሚጣደው ነው፤ በራሱ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የራሱ መመሪያ አለው።

መጀመሪያ ክዳኑ ሥር ያለውን ነገር እንይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራና ቦሎቄ በተራ ድስት ግማሽ ቀን የሚፈጁት ለዚህ ነው፤ እሳቱን የቱንም ያህል ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ውሃው ሳይፈላ ይሞቃል፤ አብዛኞቹ ድስቶች በሚሠሩበት ግፊት አዲስ አበባ ላይ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ግፊቱ በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ካሬ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጎን ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ከ300 ሳንቲሜትር ካሬ በላይ ስላለው ከሥር ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከሦስት ኩንታል ይበልጣል። ግፊቱ ወደ አንድ አሥረኛው ወርዶ እንኳ ክዳኑን የሚገፋው 30 ኪሎ ነው። "ትንሽ ነው የቀረው" ተብሎ የሚከፈት ክዳን ፊት ላይ የሚወረወረው በዚህ ጉልበት ነው።

ከክዳኑ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ውሃው ራሱ ነው። 116 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲነሳለት በዚያ ሙቀት ውሃ ሆኖ መቆየት አይችልም፤ 92 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ድስቱ ውስጥ ሁለት ሊትር ውሃ ካለ ከመቶ አራት እጁ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም የማይበልጥ ውሃ፣ ወዲያው ይተናል። ያ ጥቂት ውሃ እንፋሎት ሲሆን 200 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንፋሎት የቀረውን የፈላ ውሃና እህል ይዞ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ድስቱ "ፈነዳ" ሲባል ብረቱ የተቀደደ ይመስለናል፤ ብረቱ ደህና ሆኖ ክዳኑ ብቻ ጊዜው ሳይደርስ ቢከፈትም ጉዳቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዝምታ እንምጣ፤ ወደ ተደፈነው መውጫ። ክዳኑን ገልብጠው ቢያዩት መሃሉ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። ክብደቷ የምትቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ክብደቷን አንስቶ ይወጣል፣ ሲወርድ ክብደቷ ትመለሳለች። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን የዛሬውን ፕሬዠር ኩከር አያት በ1679 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ ሲያሳይ፣ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ክብደት ያለው መክደኛም የእሱ ፈጠራ ነበር። ዛሬም ክዳኑ የሚተማመነው በዚያች ቱቦ ነው። ቱቦዋ ደግሞ የክብሪት እንጨት ብታክል ነው፤ አንድ የሽምብራ ገለፈት ይበቃታል።

ገለፈቱ እዚያ የሚደርሰው በአረፋ ተሸክሞ ነው። ጥራጥሬ ሲፈላ አረፋ ያወጣል፤ አተር ክክና ምስር ደግሞ ይብስባቸዋል። ድስቱ ከልክ በላይ ከተሞላ አረፋው ክዳኑ ድረስ ወጥቶ ገለፈቱንና ዱቄት የመሰለውን ነገር ቱቦው ውስጥ ይሰገስገዋል፣ እዚያም ይደርቃል። ስለዚህ ለሥጋና ለአትክልት ድስቱን እስከ ሁለት ሦስተኛው መሙላት ቢቻልም፣ ለጥራጥሬና ለእህል ከግማሽ ማለፍ የለበትም። የግማሹ ልክ እህሉንም ውሃውንም አብሮ የሚቆጥር ነው። "ውሃው ብቻ ግማሽ ይሁን" ብለው እህሉን ከላይ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ድስቱ ሳይታወቅ የሚሞላው እንዲህ ነው።

ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ለንፍሮ በባለ 5 ሊትር ድስት እንቀቅል እንበል። ሽምብራው ማታ ተነክሮ ያድራል። ጠዋት ሲያብጥ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን ያደረበትን ውሃ ደፍተን ድስቱ ውስጥ እንጨምረውና ከላዩ ሁለት ጣት ያህል ውሃ እናልብሰዋለን። ድስቱ ግማሽ አካባቢ ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚህ አይለፍ። ክዳኑን ሳንገጥም መጀመሪያ ክፍቱን እናፈላዋለን። የሚወጣውን ነጭ አረፋ በጭልፋ እየገፈፍን እንደፋለን፣ ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠብ እናደርግበታለን፤ ዘይቱ አረፋው እንዳይነሳ ይይዘዋል። ክዳኑን ከመግጠማችን በፊት ወደ መስኮት ይዘን በቱቦው ውስጥ ብርሃን እናያለን። ብርሃኑ ክብና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደብዘዝ ካለ ወይም በጎኑ ጥቁር ነገር ከታየ በስንደዶ ወይም በቀጭን ሽቦ ወግተን በውሃ እናጥበዋለን። ይህ ምርመራ ከዓይን ጥቅሻ የማይበልጥ ጊዜ ነው የሚወስደው፤ ድስቱ ትናንት ታጥቦ ቢቀመጥም በየጊዜው ይደረግ።

ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ክብደቷ የምትነቀል ዓይነት ከሆነች ወዲያው አትቀመጥም። በመጀመሪያ የሚወጣው እንፋሎት ሳይሆን ውስጥ የነበረው አየር ነው። እንፋሎቱ ሳያቋርጥ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር ክብደቷን እናስቀምጣለን። በዚህ ጊዜ ቱቦው ክፍት ለመሆኑ ሁለተኛ ማረጋገጫ አገኘን። ክብደቷ መንቀሳቀስ ስትጀምር እሳቱን ቀንሰን 20 ደቂቃ እንቆጥራለን። ባሕር ጠረፍ ላሉ አገሮች በተጻፈ መመሪያ ላይ ለተነከረ ሽምብራ 15 ደቂቃ ቢባል፣ አዲስ አበባ ላይ የውስጡ ሙቀት ስለሚያንስ ከሦስት አንድ እጅ ገደማ እንጨምራለን። ፉጨት በመቁጠር ፈንታ ሰዓት ማየት ይሻላል፤ የፉጨቱ ብዛት ከእሳቱና ከጎማው ሁኔታ ጋር ስለሚለዋወጥ ልክ አይሆንም።

ክብደቷ ከተቀመጠች አሥር ደቂቃ አልፎ፣ እሳቱም ደህና እየነደደ፣ ምንም ካልተሰማስ? ክብደቷን በማማሰያ መነካካት አይገባም፤ ክዳኑንም መያዝ አይገባም። እሳቱን ማጥፋት ብቻ ነው። ከዚያ ዞር ብሎ ድስቱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ መተው፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት። ምን እንደሆነ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ቱቦው ተደፍኖ ግፊቱ ቢያይል የመጨረሻው መከላከያ ሴፍቲ ቫልቩ ነው። በብዙዎቹ ድስቶች ክዳኑ ላይ ከቱቦው ራቅ ብሎ እንደ ቡሎን ጭንቅላት ያለ ትንሽ ነገር ይታያል። መሃሉ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት የሆነ አለ፤ ድስቱ ከልክ በላይ ሲግል ቀልጦ እንፋሎቱን ይለቀዋል። ሌላው የጎማ ውታፍ ሲሆን ግፊቱ ሲያይል ተፈናጥሮ ይወጣል። አንዴ ሥራውን ከሠራ በኋላ በራሱ ዓይነት አዲስ ይተካል። እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የቀለጠውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ብየዳ ወይም በተራ ቡሎን ዘግቶ "ተሠርቷል" ብሎ የሚመልስ ጠጋኝ ያጋጥማል። ያ ድስት ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለውም። የተበየደ ሴፍቲ ቫልቭ ያለው ክዳን ቤት ውስጥ ካለ አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ድስቱን እንደ ተራ ድስት፣ በሌላ ክዳን ብቻ ይጠቀሙበት።

ሁለተኛው ዝምታ የጎማው ነው። በክዳኑ ዙሪያ የሚገባው ጎማ ሲያረጅ እንፋሎቱ በጠርዙ በኩል ያመልጣል፣ ግፊቱ ስለማይሞላ ክብደቷ አትነሳም። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፣ የድስቱ ጎን በጠብታ ይርሳል፣ ክዳኑ ግን ጸጥ ይላል። ይህኛው አይፈነዳም ብሎ መናቅ አይገባም። ቆጣሪው ሰው ክብደቷ እስክትጮኽ እየጠበቀ ሳለ ውሃው ያልቃል፤ ንፍሮው ያርራል፣ ሴፍቲ ቫልቩ ይቀልጣል፣ ከጠርዙ የሚወጣውም እንፋሎት የማይታይ እጅ ይፈልጣል።

ጎማውን ለማወቅ ከክዳኑ አውጥተው በደህና ብርሃን ይያዙት። አዲስ ጎማ ልስልስ ያለ ነው፤ ሁለት ቦታ አጥፈው ቢለቁት ወዲያው ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ያረጀው እንደታጠፈ ይዘገያል፣ ሲነካ ደረቅና አንጸባራቂ ነው። ሲታጠፍ ከውጭ በኩል ባለው ጉብታ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ተዘርግቶ ሲታይ የማይታዩት ሲታጠፍ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። በጣትዎ ዙሪያውን ሲዳብሱት አንዱ ቦታ ከሌላው ጠፍጥፎ ከቀጠነ ክዳኑ የሚጫነው እዚያ ነው። ሌላው ምልክት መጠኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ሲገባ ከጎድጓዳው እየወጣ የሚንሸራተት ጎማ ለጥጧል፤ ተስቦ ካልሆነ የማይገባው ደግሞ ተሰብስቧል። ክዳኑ ያለ ወትሮው በቀላሉ ወይም በትግል የሚዘጋ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው። ስንጥቅ ባይታይበትም ዘወትር የሚሠራ ድስት ጎማ በዓመት ወይም በዓመት ተኩል ቢቀየር ጥሩ ነው።

ጎማው ሲያንጠባጥብ የጠርዙን ክፍተት በሊጥ የሚመርጉ፣ ጨርቅ የሚጠቀጥቁ፣ ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ። ለአረቄ ጋን ሊጥ ይሆናል፤ እዚያ ግፊት የለም። ፕሬዠር ኩከር ላይ ግን ሊጡና ጨርቁ ክዳኑ በትክክል እንዳይነክስ ያደርጋሉ። በአንዳንድ ክዳኖች ጠርዝ ላይ የሚታየው መስኮት የመሰለ ክፍተት ደግሞ ግፊት ሲያይል ጎማው በዚያ ተገፍቶ እንፋሎቱን እንዲያስተነፍስ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። መመረግ የለበትም፤ ድስቱ ሲጣድም ወደ ቆሙበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይዙር።

እሳቱ ላይ ጥቂት ልበል፤ እኛ ቤት የሚለየው ነገር አለና። መመሪያዎች "እሳቱን ይቀንሱ" ሲሉ የሚያስቡት የጋዝ ምድጃን ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀነስም ሽቦው ለደቂቃዎች እንደጋለ ይቆያል፤ ስለዚህ ድስቱን በሁለት እጀታው ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ማውረድ ነው መቀነሱ። ከሰል ደግሞ የሚቀንሱበት ቁልፍ የለውም። በከሰል ለሚቀቅል ሰው ፍሙን መጀመሪያውኑ ሳሳ አድርጎ መጀመር፣ ድስቱ የሚወርድበት ጠፍጣፋ ደረቅ ቦታ አጠገቡ ማዘጋጀት፣ ከድስቱም አለመራቅ ያስፈልጋል። ውሃውም ምንጊዜም ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ማነስ የለበትም። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተው ውሃ ሳያደርጉ ክዳኑን የሚዘጉ ሰዎች ድስቱን ያሳርሩታል፤ ሽሮና ገንፎን የመሰለ ወፍራም ነገር ደግሞ ጨርሶ የዚህ ድስት ሥራ አይደለም፤ ሥሩ ያርራል፣ ከላዩ ቱቦውን ይደፍናል።

አሁን ሽምብራው 20 ደቂቃውን ጨርሷል። እንፋሎቱን ማስለቂያው ሦስት መንገድ አለው፤ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው ድስቱ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ለጥራጥሬ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ አውርዶ መተው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ክብደቷን አንስተን በአንድ ጊዜ ብንለቀው ቀደም ብዬ ያልኩት የውሃው ድንገተኛ መፍላት ይነሳል፤ አረፋውም ገለፈቱም ወደ ላይ ይሮጣል፣ ከቱቦው የሚወጣውም እንፋሎት መሆኑ ቀርቶ የሚያቃጥል የሽምብራ ውሃ ሆኖ ኮርኒስ ድረስ ይረጫል። ቱቦውም በዚያው ይደፈናል። ስለዚህ እንፋሎቱ መውጣቱን ሲያቆም "አለቀ" ይባልና ክዳኑ ይያዛል፤ ቱቦው ተደፍኖ ዝም ያለ እንደሆነስ?

በቫልቭ በኩል መልቀቅ የሚሆነው ለድንች፣ ለጎመን፣ ውሃው ቀጠን ላለ ቅቅል ነው። ክብደቷን በእጅ ሳይሆን በረጅም ማማሰያ ጫፍ ጥቂት ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ፊትን ማራቅ፣ ከላይ መደርደሪያ ወይም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አለመኖሩን ማየት ነው። ጉሙ ከመታየቱ በፊት ቱቦው አፍ ላይ ጥርት ብሎ የማይታይ ክፍተት አለ። በጣም የሚያቃጥለው እዚያ ያለው ነው። እንፋሎት ቆዳ ላይ ውሃ ሲሆን የያዘውን ሙቀት በሙሉ ስለሚያራግፍ ከፈላ ውሃ ይብሳል። ሦስተኛው መንገድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ከቧንቧ ሥር አግብቶ የክዳኑን ዳር ብቻ ማርጠብ እንጂ በቱቦውና በሴፍቲ ቫልቩ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ውስጡ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ሦስተኛው ዝምታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋም ይኸው ነው፤ ምድጃው ቀዝቅዟል ብሎ ክዳኑን መያዝ የለም። መጀመሪያ ክብደቷን በማማሰያ ቀስ አድርገው ያንሷት። "ጭስ" ካለ መልሰው ይተዉት። ምንም ካልወጣ ሙሉ በሙሉ ያውጧትና ቱቦው ውስጥ አየር ሲገባ ወይም ሲወጣ ድምፅ መኖሩን ያድምጡ። ከዚያ ድስቱን በሁለት እጀታው ይዘው አንድ ጊዜ ለስለስ አድርገው ይወዝውዙት፤ ቅባትና ወፈር ያለ መረቅ ከሥሩ የታመቀ ሙቀት ይይዛል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጭልፋ ሲነካው ይፈነዳል። አሁን እጀታውን ያዙሩት። በቀላሉ ካልዞረ አያስገድዱት፤ እምቢ ያለው ግፊት ስላለ ነው። ክዳናቸው ከውስጥ የሚገጠም ድስቶች በዚህ ይሻላሉ፤ ግፊት እስካለ ድረስ ራሱ እንፋሎቱ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ ስለሚዘጋው አይከፈቱም። ክዳናቸው ከውጭ ተጠምዝዞ የሚገጠመው ግን በጉልበት የሚከፈትበት ጊዜ አለና ለእነሱ ትዕግሥት ይበልጥ ያስፈልጋል። ሲከፍቱም የክዳኑን የራቀ ጠርዝ መጀመሪያ ያንሱ፤ የቀረው እንፋሎት ከፊትዎ ወደ ወዲያ ይሄዳል።

እንፋሎት እጅ ቢነካ ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ የተቃጠለው ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ይቆይ። በረዶም አያስፈልግም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ መቀባት ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ ሐኪሙም ቁስሉን ማየት ይቸግረዋል። ፊት ወይም ዐይን ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ ከመዳፍ ከሰፋ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ድስቱ ሲታጠብ ጎማውና ክብደቷ ለየብቻ ወጥተው ይታጠቡ፣ ይድረቁ። ክዳኑ ተቆልፎ የሚቀመጥ ከሆነ ጎማው ሌሊቱን ሙሉ ተጨፍልቆ ያድርና ቶሎ ይጠፈጠፋል፤ ስለዚህ ክዳኑን ገልብጦ ድስቱ ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። አዲስ ጎማ ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌውን ብቻ ሳይሆን ክዳኑን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ አሮጌው ስለለጠጠ ልኩን አያሳይም። ሱቁ ውስጥ ጎማውን ክዳኑ ላይ አስገብተው ዙሪያውን በጣት ይጫኑት፣ ከጎድጓዳው ከተነሳ ወይም ከተጨማደደ ሌላ ልክ ይጠይቁ። ቤት እንደደረሱ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ አድርገው ባዶውን አንዴ ያፍሉት፤ ጠርዙ ደርቆ ክብደቷ ከጮኸች ጎማው ልክ ነው።